አንዲት ፊደል O(n log n)ን ወደ O(n) ስትቀይር፦ ግማሽ የሚሆኑና ተደራርበው የሚመጡ ሉፖችን በፈተና ላይ መቁጠር

ሁለት ኮዶችን ጎን ለጎን እንያቸው። ጥያቄው ቢግ ኦቸው ስንት ነው፣ ማለትም n ሲያድግ የሚሠሩት ሥራ በምን ያህል ያድጋል የሚል ነው።

```
// ሀ
for (i = n; i > 0; i /= 2)
    for (j = 0; j < n; j++)
        x++;
```

```
// ለ
for (i = n; i > 0; i /= 2)
    for (j = 0; j < i; j++)
        x++;
```

ልዩነታቸው አንዲት ፊደል ናት። «ሀ» ላይ `j < n` ይላል፣ «ለ» ላይ `j < i`። ፈተና ላይ ሁለቱንም O(n log n) ብሎ የሚያልፍ ተማሪ ብዙ ነው። እኔም አንዱ ነበርኩ። «ውጪኛው ግማሽ እየሆነ ይወርዳል፣ ስለዚህ ሎግ። ውስጠኛው አንድ አንድ ይጨምራል፣ ስለዚህ n። ሲባዛ n log n» ብዬ አክብቤ አለፍኩ። ወረቀቱ ሲመለስ ሁለተኛው ላይ ኤክስ ተደርጎበታል። መምህሩ ተሳስቷል ብዬ ልከራከር ሄድኩ። እሱ ምንም ሳይመልስ ወረቀቴ ጀርባ ላይ «16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1» ብሎ ጻፈና «ደምረው» አለኝ። ድምሩ 31 ነው። n ደግሞ 16 ነበር። ክርክሩ እዚያው አለቀ።

ይሄ መመሪያ ያቺን ድምር ስለማስታወስ ነው። መቼ ማባዛት እንደሚበቃ፣ መቼ ደግሞ ቁጭ ብሎ መደመር እንደሚያስፈልግ ከለያችሁ፣ ከዚህ ዓይነት ጥያቄ አብዛኛው ይፈታል።

መጀመሪያ፦ የሚቆጠረውን መስመር ምረጡ

የኮዱን ሁሉንም መስመር ለመቁጠር አትሞክሩ። ከሁሉም ውስጥ የተቀመጠችውን መስመር፣ እዚህ `x++`ን፣ አክብቡባት። ጥያቄው «ይቺ መስመር ስንት ጊዜ ትሠራለች?» ብቻ ይሆናል። ቢግ ኦ ቋሚ ቁጥሮችን ስለሚጥል፣ በየዙሩ አንድ ሥራ ተሠራ ወይስ ሦስት የሚለው መልሱን አይለውጠውም። አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፤ ውስጠኛው ሉፕ ጭራሽ የማይሠራባቸው ዙሮች ከበዙ የውጪኛው ሉፕ ዙሮች ራሳቸው መቆጠር አለባቸው። እሱን ወደኋላ ላይ አመጣዋለሁ።

ቀጥሎ፦ እያንዳንዱን ሉፕ ለብቻው አንብቡ

አንድን ሉፕ ስታዩ ከየት እንደሚነሳ፣ የት እንደሚቆምና በየዙሩ በምን እንደሚለወጥ ተመልከቱ። ዋናው የመጨረሻው ነው። በመደመር ወይም በመቀነስ የሚሄድ ከሆነ (`i++`፣ `i += 3`፣ `i -= 2`) ዙሩ ከ n ጋር እኩል ያድጋል። `i += 3` ዙሩን ወደ n/3 ያወርደዋል እንጂ ከ O(n) አያወጣውም። በማባዛት ወይም በማካፈል የሚሄድ ከሆነ (`i *= 2`፣ `i /= 2`) ሎግ ነው።

ለምን ሎግ? n = 1000 ብላችሁ፣ `i` ሙሉ ቁጥር ስለሆነ ክፍልፋዩን እየጣላችሁ፣ `i /= 2`ን በእጃችሁ ሂዱበት፦ 1000፣ 500፣ 250፣ 125፣ 62፣ 31፣ 15፣ 7፣ 3፣ 1። ቀጥሎ 0 ይሆንና ሉፑ ይቆማል። 10 ዙር ብቻ። n ሚሊዮን ቢሆን እንኳ 20 ዙር ይበቃዋል። ሎግ ማለት በቃ ይሄ ነው፦ ቁጥሩን እስኪያልቅ ድረስ ስንት ጊዜ ለሁለት መክፈል ይቻላል? n እጥፍ ሲሆን የሚጨመረው አንድ ዙር ብቻ ነው።

በ3 ቢካፈልስ? 1000፣ 333፣ 111፣ 37፣ 12፣ 4፣ 1፤ 7 ዙር ነው። ከ10 ያንሳል፤ ግን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቋሚ ብዜት ነው። ቢግ ኦ ውስጥ ደግሞ ቋሚ ብዜት ይጣላል። ስለዚህ የሎጉን መሠረት ሳትጨነቁ O(log n) ብላችሁ ጻፉ። ምርጫዎቹ ውስጥ አንዱ O(log₂ n) ሌላው O(log₃ n) ቢል፣ ሁለቱ በቢግ ኦ ዓይን አንድ ናቸው።

እዚህ ጋ ሁለት ወጥመዶች አሉ። ብዙ ጊዜ አይመጡም፤ ሲመጡ ግን ነጥብ ይበላሉ።

```
for (i = 0; i < n; i *= 2)  x++;
for (i = n; i >= 0; i /= 2) x++;
```

የመጀመሪያው ከ0 ይነሳል። ዜሮ በምንም ቢባዛ ዜሮ ነው፤ ሉፑ አያልቅም። ሁለተኛው 0 ላይ ይደርሳል፣ ግን `>=` ስላለ 0 ላይም ይቀጥላል፣ 0 ለሁለት ሲካፈል ደግሞ 0 ነው። እሱም አያልቅም። ሎግ ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት መነሻውንና ማቆሚያውን አንድ ጊዜ በዓይናችሁ ንኳቸው።

ወሳኙ ጥያቄ፦ ውስጠኛው ሉፕ የውጪኛውን ስም ይጠራል?

ሉፕ በሉፕ ውስጥ ሲገባ፣ ማባዛት ከመጀመራችሁ በፊት የውስጠኛውን ሉፕ መስመር ብቻ ለይታችሁ አንብቡ። እዚያ መስመር ላይ የውጪኛው ቫሪያብል `i` ተጠቅሷል ወይ?

ካልተጠቀሰ ውስጠኛው ሉፕ ስለ ውጪኛው ምንም አያውቅም። ሁልጊዜ ያው ዙር ነው የሚሠራው። እንግዲያውስ አባዙ። «ሀ» እንደዚያ ነው፤ ውስጠኛው ሁልጊዜ n ጊዜ ይሠራል፣ ውጪኛው ደግሞ ሎግ ያህል ዙር አለው። n = 16 ሲሆን ውጪኛው 5 ዙር (16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1) ይሄዳል፣ በእያንዳንዱ ዙር 16። 5 × 16 = 80። O(n log n)። እዚህ ላይ የምትከራከሩበት ነገር የለም።

`i` ከተጠቀሰ ግን እጃችሁን ከማባዣው ላይ አንሱ። የውስጠኛው ዙር ከዙር ወደ ዙር ይለዋወጣል ማለት ነው። ስለዚህ ወረቀት ላይ ትንሽ ሰንጠረዥ ሥሩ። በአንድ በኩል `i`፣ በሌላ በኩል ውስጠኛው ስንት ጊዜ እንደሚሠራ። n = 16 ምርጥ ቁጥር ነው፤ ለሁለት ሲካፈል አይዝረከረክም፣ ሰንጠረዡም አይረዝምም። «ለ» ይሄን ይመስላል፦

```
i = 16   ->  16
i = 8    ->   8
i = 4    ->   4
i = 2    ->   2
i = 1    ->   1
ድምር          31
```

31 ማለት 2 × 16 − 1 ነው። n = 32 ብታደርጉት 63፣ n = 64 ብታደርጉት 127 ይወጣል። እንዲህ እስከ 1 ድረስ ያለ ቀሪ ለሁለት በሚከፈሉ ቁጥሮች ሁልጊዜ 2n − 1 ነው። ስለዚህ O(n)። የሎጉ ዙሮች የትም አልጠፉም፤ አሁንም 5 ዙር አለ። ነገር ግን ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ያሉት ዙሮች ሁሉ ተደምረው የመጀመሪያውን አንድ ዙር አያክሉም።

ለምን እንደማያክሉ በወረቀት ማየት ይቻላል። ርዝመቱ 2n የሆነ ወረቀት ያዙ። ግማሹን ቅደዱ፤ n ወሰዳችሁ፣ n ቀራችሁ። ከቀረው ላይ ግማሹን ቅደዱ፤ n/2 ወሰዳችሁ፣ n/2 ቀራችሁ። የቱንም ያህል ብትቀጥሉ ከ2n በላይ መውሰድ አትችሉም፤ ምክንያቱም መጀመሪያውኑ ወረቀቱ 2n ነበር። n እስከ 1 ድረስ ያለ ቀሪ ለሁለት የሚከፈል ባይሆንም ድምሩ ከ2n አያልፍም። ለ1000 ከላይ የደረደርናቸውን አሥር ቁጥሮች ደምሩ፤ 1994 ነው፣ ከ2000 ያነሰ።

ሉፑ በተቃራኒው ከታች ወደ ላይ ቢሄድም (`i = 1; i <= n; i *= 2`፣ ውስጡ `j < i`) ድምሩ ያው ነው። 1 + 2 + 4 + 8 + 16 ከኋላ ወደፊት ቢነበብ ለውጥ የለውም።

ድምሩን ሳትደምሩት መገመት

ፈተና ላይ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ቀመር ለመፈለግ ጊዜ የለም። ሰንጠረዡን ከሠራችሁ በኋላ አንድ ነገር ብቻ እዩ፦ ቁጥሮቹ እንዴት ነው የሚወርዱት?

በየደረጃው ግማሽ እየሆኑ የሚወርዱ ከሆነ ትልቁ ቁጥር ብቻውን ድምሩን ይወስነዋል። «ለ» ይሄ ነው። ትልቁ ቁጥር n ስለሆነ መልሱ O(n)።

አብዛኞቹ ቁጥሮች ወደ ትልቁ የሚጠጉ ከሆነ ግን ትልቁን በዙሩ ብዛት ማባዛት ይበቃል። የታወቀውን ባለ ሦስት ማዕዘን ሉፕ ውሰዱ፦

```
for (i = 0; i < n; i++)
    for (j = 0; j < i; j++)
        x++;
```

እዚህ ውስጠኛው `i`ን ይጠራል፣ ስለዚህ እንደምራለን። 0 + 1 + 2 + … + (n − 1)፣ ይህም n(n − 1)/2 ነው። ለ16 120 ይሆናል። ቁጥሮቹ አንድ አንድ እያሉ ነው የሚያድጉት፤ ግማሾቹ ዙሮች ከ n/2 አያንሱም። ስለዚህ ትልቁን (n ገደማ) በዙሩ ብዛት (n) ብታባዙ የምትሳሳቱት በግማሽ ብቻ ነው፣ ግማሽ ደግሞ ቋሚ ነው። O(n²)። እዚህ ላይ ማባዛቱ የሚያዋጣው ለዚህ ነው። «ለ» ላይ ግን ማባዛት የሚያሳስተው በቋሚ ቁጥር አይደለም፤ በሎግ ነው፣ n ባደገ ቁጥር ስህተቱም ያድጋል።

አሁን ቦታውን እንቀያይር። ውጪኛው አንድ አንድ ይሂድ፣ ውስጠኛው ግማሽ ይሁን፦

```
for (i = 1; i <= n; i++)
    for (j = i; j > 0; j /= 2)
        x++;
```

«ለ»ን ካየ በኋላ «አሃ፣ ይሄም ወጥመድ ነው፣ O(n) ነው» የሚል ሰው አለ። አይደለም። ሰንጠረዡን ሥሩ። i = 1 ሲሆን 1 ዙር። 2 እና 3 ሲሆን 2 ዙር። ከ4 እስከ 7 ላሉት 3 ዙር። ከ8 እስከ 15 ላሉት 4 ዙር። 16 ላይ 5 ዙር። ተመልከቱ፣ ከ16ቱ ዙሮች ዘጠኙ 4 ወይም 5 ናቸው። ትልቁ 5 ነው። ማለትም አብዛኞቹ ወደ ትልቁ ተጠግተዋል። ድምሩ 54 ነው። ሎግ ሲያድግ በጣም ቀርፋፋ ስለሆነ፣ `i` ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ ውስጠኛው ሉፕ ከከፍተኛው አንድ ዙር ብቻ ይጎድለዋል። ስለዚህ ማባዛቱ ይሠራል፣ መልሱ O(n log n) ነው።

«ለ»ም ይሄኛውም ኮድ አንድ ሎግና አንድ መስመራዊ ሉፕ አላቸው፣ ሁለቱም ላይ ውስጠኛው `i`ን ይጠራል። መልሳቸው ግን ይለያያል፤ የለያያቸው የትኛው ውስጥ የትኛው ውጪ መሆኑ ነው። «ሎግና n ካየሁ n log n» የሚለው ሕግ የሚሰበረው እዚህ ነው።

n እጥፍ አድርጋችሁ ፈትሹ

መልሳችሁን ካልተማመናችሁበት፣ ደቂቃ ካለቻችሁ፣ ለ16 ያወጣችሁትን ድምር ለ32 ድገሙትና አወዳድሩ። አንድ ብቻ ከተጨመረ ሎግ ነው። እጥፍ ከሆነ n ነው። አራት እጥፍ ከሆነ n² ነው። ከእጥፍ ትንሽ ካለፈ n log n ነው። «ሀ» ከ80 ወደ 192 ይሄዳል፣ 2.4 እጥፍ። «ለ» ከ31 ወደ 63፣ ልክ እጥፍ ማለት ይቻላል። ባለ ሦስት ማዕዘኑ ከ120 ወደ 496፣ አራት እጥፍ ገደማ።

ይሄ መልስን መፈተሻ እንጂ የሒሳብ ማረጋገጫ አይደለም። በትናንሽ ቁጥሮች n log n እና n ተቀራራቢ ሊመስሉ ይችላሉ። ስለዚህ የሰንጠረዡን ቅርጽ አይተካም፤ ጥርጣሬን ያጠራል።

አንድ ነገር በመሃል ልበል። በጥብቅ ትርጉሙ ቢግ ኦ ከላይ የሚገድብ ወሰን ነው። ስለዚህ «ለ» O(n log n) ነው፣ እንዲያውም O(n²) ነው ብትሉ ሒሳቡ ውሸት አይሆንም። በዚህ ተከራክሮ ነጥብ ያስመለሰ ሰው ግን አላየሁም። ፈተና «ቢግ ኦው ስንት ነው?» ሲል የሚፈልገው ኮዱን በጣም የሚጠጋውን ወሰን ነው። ከምርጫዎቹ ትክክል ከሆኑት መካከል ትንሹን አክብቡ። ጥያቄው «ከሚከተሉት የትኛው ትክክል ያልሆነ ወሰን ነው?» ካለ ግን ትርጉሙን ቃል በቃል ውሰዱት።

ሉፕ በሉፕ ቢሆንም የማይባዛ

ፈታኞች የሚወዱት ሌላ ኮድ አለ፦

```
j = 0;
for (i = 0; i < n; i++)
    while (j < n && a[j] < a[i])
        j++;
```

ሉፕ በሉፕ ውስጥ ነው፣ ሁለቱም እስከ n ይሄዳሉ፣ እጅ ወዲያው O(n²) ሊጽፍ ይንደረደራል። `j = 0` የት እንዳለ እዩ። ከውጪኛው ሉፕ በላይ ነው። `j` በየዙሩ ወደ ዜሮ አይመለስም። ወደፊት እንጂ ወደኋላ አይሄድም፣ n ላይ ሲደርስ ደግሞ ያበቃለታል። ስለዚህ `j++` በጠቅላላው፣ በሁሉም ዙሮች ተደምሮ፣ ከ n ጊዜ በላይ ሊሠራ አይችልም።

መጀመሪያ ላይ ያቆየኋት ልዩ ሁኔታ የምትመጣውም እዚህ ነው። `j++` ጥቂት ጊዜ ብቻ፣ ወይም ጭራሽ፣ ላይሠራ ይችላል። ውጪኛው ሉፕ ግን የግድ n ዙር ይሄዳል፣ በየዙሩም ቢያንስ አንዴ የ`while`ን ሁኔታ ይፈትሻል። እነዚህን n ፍተሻዎች ደምሩ። n እና n፣ ቢበዛ 2n። O(n)። `j = 0` ወደ ውስጥ፣ ከ`while` በላይ ቢገባ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በየዙሩ እንደገና ስለሚነሳ በመጥፎው ሁኔታ O(n²) ይሆናል።

ሌሎቹን በፍጥነት እንለፋቸው። ውስጠኛው `j < 100` ካለ ቋሚ ነው፣ ይጣላል። ሁለት ሉፖች ተከታትለው ከመጡ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ካልሆነ፣ ይደመራሉ እንጂ አይባዙም፤ ትልቁ ያሸንፋል። `i * i <= n` የሚል ማቆሚያ ካያችሁ፣ `i++` ቢሆንም ሉፑ √n ላይ ይቆማል። ሁለቱም ሉፖች ግማሽ የሚሆኑ ከሆነ ሎግ በሎግ ይባዛል፣ (log n)²።

ሦስት ሉፕ ሲመጣ

አሁን ሙሉውን አካሄድ በአንድ ጥያቄ ላይ እንሞክረው።

```
for (i = 1; i <= n; i *= 2)
    for (j = 1; j <= i; j++)
        for (k = n; k > 1; k /= 2)
            x++;
```

ሦስት ሉፕ ማየት ያስደነግጣል። ከውስጥ ወደ ውጪ እንውጣ። የ`k` ሉፕ `i`ንም `j`ንም አይጠራም። ከ n ተነስቶ ግማሽ እየሆነ ይወርዳል፣ ሁልጊዜ ያው ዙር ነው። ለ16 4 ዙር ነው (16፣ 8፣ 4፣ 2፤ 1 ላይ ይቆማል)። ስለዚህ log n ነው፣ ለጊዜው ወደ ጎን አስቀምጡትና በመጨረሻ አባዙት።

የቀሩት `i` እና `j` ናቸው። የ`j` ሉፕ `i`ን ይጠራል፤ ስለዚህ እንደምራለን። `i` 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 ይሆናል፣ `j`ም ያንኑ ያህል ይሠራል። 31። ይሄን እናውቀዋለን፣ 2n − 1 ነው፣ O(n)። አሁን ያስቀመጣችሁትን ሎግ አባዙበት፦ 31 × 4 = 124፣ መልሱ O(n log n)። ሳያነብ ሦስቱንም ያባዛ ሰው O(n (log n)²) ይጽፋል፤ ይህ መልስ ደግሞ ከምርጫዎቹ ውስጥ አይጠፋም፣ ታስቦበት ነው የሚገባው።

ፈታኙ ትንሽ ክፋት ጨምሮ `k = n`ን በ`k = i` ቢተካስ? አሁን የ`k` ሉፕም `i`ን ይጠራል፤ ወደ ጎን ማስቀመጥ አይቻልም። ሰንጠረዡ ውስጥ ይግባ፦

```
i = 1    ->   1 x 0 =  0
i = 2    ->   2 x 1 =  2
i = 4    ->   4 x 2 =  8
i = 8    ->   8 x 3 = 24
i = 16   ->  16 x 4 = 64
ድምር                  98
```

ቅርጹን እዩት። እያንዳንዱ ከቀዳሚው ከእጥፍ በላይ ነው፣ ስለዚህ የመጨረሻው ብቻውን ይገዛል፤ ከ98ቱ 64ቱ የእሱ ነው። የመጨረሻው ደግሞ n × log n ነው። ድምሩ ከ124 ወደ 98 ወረደ፣ ቢግ ኦው ግን አሁንም O(n log n) ነው።